ነርሶቹ ለምን ይለቅቃሉ? የመውጫ ቃለ መጠይቅ ጥያቄዎች አዘገጃጀት

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መካከለኛ የግል ሆስፒታል የሰው ሀብት ባለሙያ ነኝ። ነርሶች በብዛት ይለቅቁብናል። ሲወጡ የሚሞሉት 24 ጥያቄዎች ያሉት ቅጽ አለን፤ ሁሉም ግን ‹በግል ምክንያት› ወይም ‹የተሻለ ደመወዝ አግኝቼ› ብለው ያልፉታል። እውነቱን የሚያወጡና ለሥራ የሚጠቅሙ ምን ዓይነት ጥያቄዎች ላዘጋጅ?»

ምላሽ፦

ቅጹ ላይ «ለምን ለቀቁ?» የሚል መስመር ካለ በመጀመሪያ እሱን ይሰርዙት። ይህ ጥያቄ ነርሷን የሆነውን ነገር እንድትናገር ሳይሆን በመሥሪያ ቤቱ ላይ ፍርድ እንድትሰጥ ነው የሚያደርጋት። ያውም ስሟ በሰፈረበት ወረቀት፣ የመጨረሻ ክፍያዋ ሳይሠራላት፣ የሥራ ልምድ ማስረጃዋም ገና ፊርማ እየጠበቀ ሳለ። እዚያ ቦታ የተቀመጠ አስተዋይ ሰው ሁሉ «በግል ምክንያት» ብሎ ይወጣል። ደመወዝም እንደዚያው ነው፤ ማንንም የማያስቀይምና ማንም የማይከራከርበት ምክንያት በመሆኑ ቶሎ እጅ ላይ ይገኛል።

ይህ ደግሞ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ አይደለም። ዛራንዶናና ካሙሶ የተባሉ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ ባሳተሙት ጥናት የለቀቁ ሠራተኞች በሁለት የተለያዩ ጊዜያት የሰጡትን ምክንያት አነጻጽረው ነበር። በሚወጡበት ጊዜ 38 በመቶው ደመወዝና ጥቅማጥቅምን ሲጠቅሱ የቅርብ አለቃቸውን የጠቀሱት 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ18 ወራት በኋላ ግን አለቃን ምክንያት ያደረጉት 24 በመቶ ደረሱ፤ ደመወዝ ያሉት ወደ 12 በመቶ ወረዱ። ስለዚህ በእጅዎ ያለውን የቅጽ ክምር ደምረው «ነርሶቻችን የሚለቅቁት በደመወዝ ነው» የሚል ሪፖርት ለሥራ አስኪያጁ ከማቅረብ ይቆጠቡ። ቅጹ የሚያሳየው ነርሶቹ በዚያ ሰዓት ምን ማለት እንደማይጎዳቸው ነው።

ስለዚህ ከጥያቄዎቹ በፊት ሰዓቱንና ጠያቂውን እናስተካክል፤ ይህ ካልተስተካከለ የትኛውም ጥያቄ አይሠራም።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ውሉ ሲቋረጥ ደግሞ የሚገባው ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። የሠራውን ሥራ፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀትም የማግኘት መብት አለው። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ግን የመውጫ ቅጹ ከክሊራንስ ወረቀቱ ጋር ተጣብቆ ይሰጣል፤ ከንብረት ክፍል፣ ከፋይናንስና ከፋርማሲ ፊርማ ጎን የሰው ሀብት ፊርማ አለ፣ እሱም ቅጹ ሳይሞላ አይፈረምም። ነርሷ በቅጹና በማስረጃዋ መካከል ያለውን ግንኙነት ማንም ሳይነግራት ታየዋለች። እነዚህን ሁለት ነገሮች ይለያዩዋቸው። ማስረጃው ታትሞና ማኅተም አርፎበት በእጇ ይግባ፤ ክሊራንሱም ይለቅ። ከዚያ በኋላ «ግማሽ ሰዓት ቢኖርዎት፣ ከፈለጉ ብቻ» ተብላ ትጋበዝ። የሚመጡት ሰዎች ቁጥር ይቀንስ ይሆናል፤ ነገር ግን እሺ ብለው ከመጡት ከአምስቱ የሚያገኙት በግዴታ ከተሞሉ ሃምሳ ቅጾች ይበልጣል።

ጠያቂው የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ወይም ሜትሮኗ መሆን የለባቸውም። ነርሷ በነገው መሥሪያ ቤቷ «እዚያ እንዴት ነበረች?» ተብሎ ስልክ የሚደወልላቸው እነሱ ናቸውና። የአዲስ አበባ የግል ሆስፒታሎች ዓለም ጠባብ ነው፤ አብሮ የተማረ፣ አብሮ ያደረ፣ በማታ ተራ የሚተዋወቅ ሰው በየቦታው አለ። ፍርሃቷ ምክንያት ያለው ፍርሃት መሆኑን መቀበል ያስፈልጋል። እርስዎ ራስዎ ከጠየቁ ደግሞ የምትሄድበትን ሆስፒታል ስም ፈጽሞ አይጠይቁ። ያ ስም ለምንም አይጠቅምዎትም፤ ከተጠየቀች በኋላ ግን ቀሪው ንግግር ሁሉ ይቀዘቅዛል። እንድትቀር ለማግባባትም በዚህ ሰዓት አይሞክሩ። የማግባባት ሐሳብ ካለ ደብዳቤዋ በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በሌላ ሰው፣ በሌላ ክፍል ይደረግ።

ሲጀምሩ የሚሉትን በቃልዎ ይያዙት። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ሲስተር፣ ማስረጃዎ እጅዎ ላይ ነው፤ ከዚህ ንግግር ጋር የሚያያዝ ምንም ወረቀት የለም። የሚነግሩኝን ስምዎን ሳልጽፍ ከሌሎች ሰዎች ንግግር ጋር አጠቃልዬ ነው የማቀርበው። ሁለት ነገሮችን ግን ይዤ ዝም ማለት አልችልም፤ የበሽተኛን ደኅንነት የሚጎዳ ነገር ከሰማሁ፣ ወይም በሰው ላይ የደረሰ ጾታዊ ትንኮሳና ጥቃት ከሰማሁ ለሚመለከተው ማሳወቅ ግዴታዬ ነው። ይህን አውቀው ይንገሩኝ።» ሁለተኛው ክፍል ብዙ ባለሙያዎች የሚዘሉት ነው፤ ሰውን ያስፈራብናል ብለው። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። የማይጠበቀውን ምስጢር አስቀድሞ የሚለይ ሰው፣ እጠብቃለሁ ያለውን እንደሚጠብቅ ይታመናል። «ሁሉም ነገር በምስጢር ይያዛል» የሚል ሰፊ ቃል ግን ሰው አያምነውም፤ ቢያምነውም እርስዎ ሊፈጽሙት አይችሉም።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ። ከ24 ወደ 7 ይውረዱ፤ ደረጃ የሚያሰጡትን፣ ከ1 እስከ 5 የሚያስመርጡትን በሙሉ ያውጡ። «የኃላፊዎን አመራር እንዴት ይመዝኑታል?» ለሚለው 4 ብላ ብትሞላ ምን ይሠሩበታል? 4 ቁጥር ማንን፣ የትኛውን ተራ፣ የትኛውን ቀን እንደሚመለከት አይናገርም። ሐኪም በሽተኛን «በሽታህ ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ መቼ ጀመረህ፣ ያኔ ምን ስታደርግ ነበር፣ ምን ሲሆን ይብስብሃል ብሎ ነው የሚሄደው። የእርስዎም ጥያቄዎች በዚያው መንገድ ክስተትን፣ ጊዜንና ድርጊትን ይከተሉ። መደምደሚያውን እርስዎ ከብዙ ሰዎች ንግግር ያወጡታል።

የመጀመሪያው ጥያቄ መንገድ መክፈቻ ነው፦ «እዚህ ሲቀጠሩ ሥራው ምን ይሆናል ብለው ነበር? ከጠበቁት የተለየ ሆኖ ያገኙት መጀመሪያ ምን ነበር?» ብዙ ጊዜ መልሱ ቀላል ነገር ነው፤ አንዳንዴ ግን በቅጥር ወቅት የተገባ ቃል ይወጣል፣ «በሦስት ወር ደመወዝ ይስተካከላል ተብዬ ነበር» የሚል።

የጥያቄዎቹ ሁሉ እምብርት ሁለተኛው ነው፦ «መልቀቅ የሚለው ሐሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣልዎ መቼ ነበር? በዚያ ሰሞን ምን ሆኖ ነበር?» ቶማስ ሊ እና ቴሬንስ ሚቼል የተባሉ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ፣ ሰው ሥራ የሚለቅቀው ሁልጊዜ ቅሬታ ቀስ በቀስ ሲጠራቀምበት አለመሆኑን አሳይተዋል፤ ብዙ ጊዜ ሰውየውን ቆም አድርጎ «እዚህ ምን እሠራለሁ?» የሚያሰኝ አንድ ክስተት አለ። ያ ክስተት በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭም ሊሆን ይችላል፣ ጋብቻ፣ የወላጅ ሕመም፣ ከውጭ አገር የመጣ የቪዛ ዕድል። «መቼ» የሚለው ቃል «ለምን» የማይደርስበት ቦታ ይደርሳል፤ ሰው ቀኑን ሲያስታውስ ቦታውን፣ አብሮት የነበረውን ሰው፣ የተባለውን ቃል ያስታውሳልና። ነርሷ «እንዲያው ቀስ በቀስ ነው» ካለች አይለፉ፤ «ለቤተሰብ ወይም ለጓደኛ መጀመሪያ የነገሩት ቀን ይታወስዎታል?» ብለው አንድ ጊዜ ብቻ ይደግሙ።

ሦስተኛው ከዚያ ይከተላል፦ «ያን ነገር ለማስተካከል ለማን ነገሩ? ምን ተባሉ? ከዚያስ ምን ሆነ?» እዚህ ላይ ያልተናገረችበትን ምክንያትም ይጠይቁ። ለማንም አልነገርኩም የሚል መልስ ከሦስትና ከአራት ሰዎች ከመጣ፣ ችግሩ ቅሬታው ብቻ አይደለም፤ ቅሬታ የሚቀርብበት መንገድ ተዘግቷል ማለት ነው።

አራተኛው ስለ ሥራው ጫና ነው። «ሥራው ይበዛል?» ከተባለ ሁሉም አዎ ይላል። ይልቁንስ «ካለፉት ሁለት ወራት በጣም የከበደዎትን አንድ ተራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይንገሩኝ። ስንት በሽተኛ ነበር? ስንት ነርስ? ምን ጎድሎ ነበር? ለማን ደወሉ?» ይበሉ። አምስተኛው ስለ አለቃ ነው፤ አለቃን ግን በስም አያነሣም፦ «በክፍሉ ስህተት ሲፈጠር ምን ይደረጋል? መጨረሻ ያዩትን ይንገሩኝ።» መድኃኒት በስህተት የተሰጠበትን ወይም የዘገየበትን ጊዜ ስትተርክ ማን በበሽተኛ ፊት እንደጮኸ፣ ማን ደግሞ ቁጭ አድርጎ እንዳስረዳ ራሱ ይወጣል።

ስድስተኛው ደመወዝን በቦታው ያስቀምጣል፦ «የሚሄዱበት ቦታ ደመወዙ ከዚህ ጋር እኩል ቢሆን ኖሮ ይሄዱ ነበር?» ከዚያም በተቃራኒው፦ «እዚህ ያ ደመወዝ ቢከፈልዎ ኖሮስ ይቀሩ ነበር?» ሁለቱን መጠየቅ አስፈላጊ ነው። ለመጀመሪያው አዎ፣ ለሁለተኛው አይደለም ያለች ነርስ የምትሸሸው ነገር አላት። ለመጀመሪያው አይደለም፣ ለሁለተኛው አዎ ያለች በእርግጥም በደመወዝ ነው የሄደችው፤ ያንንም እንደዚያው መመዝገብ ነው፣ ሌላ ምክንያት ካልተገኘ ብሎ መጎርጎር አይገባም።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ቀሪዎቹ ነው፦ «እዚህ የቀሩ ጓደኞችዎ አንድ ነገር ይስተካከልላችሁ ቢባሉ ምን የሚሉ ይመስልዎታል?» ሰው ስለ ራሱ የማይናገረውን በሌሎች አፍ ይናገራል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ለራስ መጠየቅ ነውር ሲመስል ለጓደኛ መጠየቅ ደግነት ነው፤ ለራሷ ዝም ያለች ነርስ እዚህ ጥያቄ ላይ ስትፈታ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከዚህ በኋላ ብዕርዎን ያስቀምጡና ትንሽ ዝም ይበሉ። ደብተሩ ከተዘጋ በኋላ የሚመጣ ንግግር አለ፤ ቸኩለው ተነሥተው «እናመሰግናለን» ካሉ ያልፍዎታል።

አንድ ጉዳይ በዝርዝር ላሳይዎት፤ መለያ የሚሆኑትን ነገሮች ለውጫለሁ። በዲፕሎማ የተቀጠረች፣ በማታ የዲግሪ ትምህርት የምትከታተል ነርስ ነበረች። በደብዳቤዋ ላይ «ለትምህርት» የሚል ተጽፏል፤ የድሮው ቅጽ ቢሆን «የግል ምክንያት» በሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት ተደርጎበት ያበቃ ነበር። መጀመሪያ መልቀቅ ያሰበችው መቼ እንደሆነ ስትጠየቅ ወዲያው መለሰች፦ የፈተና ሳምንት ነበር። የሳምንቱ የተራ መርሐ ግብር የሚለጠፈው ዓርብ ማታ ነው፤ ሰኞ ማታ ተረኛ መሆኗን ያየችው ቅዳሜ ጠዋት ስትገባ ነው፣ ፈተናው ደግሞ ሰኞ ማታ ነው። ለማን ነገረች? ለኃላፊዋ። ምን ተባለች? «ራስሽ ሰው ፈልጊ።» ፈለገች፣ አንዲት ጓደኛዋ ተስማማች፤ ኃላፊዋ ግን ጓደኛዋ ለዚያ ክፍል አዲስ ናት ብላ አልፈቀደችም። ፈተናው አመለጣት። ከዚያስ ምን ሆነ? ከዚያ በኋላ ለማንም ምንም አልጠየቀችም፤ ዝም ብላ ማመልከቻ ማስገባት ጀመረች። ስለ ጓደኞቿ ስትጠየቅ «መርሐ ግብሩ ቀደም ብሎ ቢለጠፍ» አለች፤ ደመወዝን አላነሣችም። ለስድስተኛው ጥያቄ የሰጠችው መልስ ደግሞ በእኩል ደመወዝም እንደምትሄድ ነበር።

ይህ አንድ ሰው የተናገረው ነው። ትክክል ነው ብሎ መቀበልም፣ የአኮረፈ ሰው ወሬ ነው ብሎ መጣልም ስህተት ነው። ክስተትን የመጠየቅ ትልቁ ጥቅም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ የተነገረውን ከመዝገብ ጋር ማስተያየት ይቻላል። የተራ መርሐ ግብሮቹ ፋይል ውስጥ ስላሉ መቼ እንደተፈረሙ ታየ፤ አብዛኞቹ በእርግጥ ዓርብ ቀን የተፈረሙ ነበሩ። የተራ መቀያየር ጥያቄ ግን በቃል ብቻ ስለሚቀርብ ምን ያህሉ እንደተፈቀደና እንደተከለከለ የሚያሳይ አንድም ወረቀት አልነበረም። ከሌሎች የለቀቁ ሰዎች ንግግርም ተመሳሳይ ነገር ሲገኝ የቀረበው ሐሳብ አጭር ነበር፦ መርሐ ግብሩ ከ14 ቀን በፊት ይለጠፍ፣ የመቀያየር ጥያቄ በአጭር ወረቀት ይቅረብ፣ ኃላፊዋ ከከለከለች ምክንያቱን በዚያው ላይ ትጻፍ። ለዚህ በጀት አይጠየቅም። «አመራሩ ጥሩ አይደለም» የሚል አስተያየት ቢሆን ኖሮ ግን ኃላፊዋን ከማስከፋት በቀር ማንም ምንም ሊያደርግበት አይችልም ነበር።

አመዘጋገቡ ይህን የሚያስችል ይሁን። በንግግሩ ጊዜ የነርሷን ቃል እንዳለ ይጻፉ፤ «በሥራ አካባቢ አልተደሰተችም» ብለው በራስዎ ቋንቋ አያጠቃልሉ። ከሄደች በኋላ በዚያው ቀን አራት ነገሮችን ለይተው ያውጡ፦ የመጀመሪያው ክስተት ምን ነበር፣ ለማን ተነገረ ምንስ ተመለሰ፣ ወደ ሌላ ቦታ የሳባት ምንድን ነው፣ በመዝገብ ሊረጋገጥ የሚችለው የቱ ነው። በአራቱም ፊት የሚጻፍ ነገር ካጡ ቃለ መጠይቁ አልተሳካም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም ምክንያቱ ጠያቂው መሆን የማይገባው ሰው መሆኑ ወይም ማስረጃው ገና ያልተሰጠ መሆኑ ነው። ሁሉም ሰው «ጥሩ ነበር፣ ሁሉንም አመሰግናለሁ» የሚል ከሆነ ጥያቄውን ከመለወጥዎ በፊት እነዚህን ሁለቱን ይመርምሩ።

ሪፖርት ሲያደርጉ የአንድን ሰው ንግግር ለብቻው አያቅርቡ። ቢያንስ የአምስት ሰዎች ንግግር እስኪሰበሰብ ይጠብቁ፤ አራት ነርሶች ብቻ ያሉት የማዋለጃ ክፍል ከሆነ ከሌሎች ክፍሎች ጋር ይቀላቅሉት፣ አለበለዚያ ስም ባይጻፍም ማን እንደተናገረ ኃላፊዋ በአንድ ቀን ታውቃለች። አንድ ጊዜ እንዲህ ከታወቀ ቀጣዮቹ ነርሶች «በግል ምክንያት» ወደሚለው ይመለሳሉ፤ ያንን እምነት ለመመለስ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ከዚህ የሚለዩት በመግቢያው ላይ የተናገሯቸው ሁለቱ ጉዳዮች ብቻ ናቸው፤ የበሽተኛ ደኅንነትና የጾታ ጥቃት አምስት ሰው አይጠበቅላቸውም፣ በዚያው ቀን ይሄዳሉ።

የማይመለሱ ጥያቄዎችም አሉ። የለቀቁት ሰዎች የነገሩዎት ነገር የቀሩትም ምክንያት ነው ማለት አይደለም፤ ያንኑ የማታ ተራ ችለው አምስት ዓመት የቆዩ ነርሶች አሉ፣ ምን እንዳቆያቸው ሊነግሩዎት የሚችሉት እነሱ ብቻ ናቸው። ከሦስት ለቃቂዎች አንድ ዓይነት ክስተት ሲሰሙ ለሁለትና ለሦስት ነባር ነርሶች የመርሐ ግብሩን ነገር ብቻ አንሥተው፣ ማን እንደተናገረ ሳያመለክቱ ይጠይቋቸው።

የ1985ቱ ጥናት እንዳሳየው ጊዜ ሲያልፍ መልሱ ስለሚለወጥ ሁለተኛ ጥሪ ያስፈልጋል። 18 ወራት መጠበቅ ለእርስዎ ሥራ ይረዝማል፤ ከስድስት ወር በኋላ የአሥር ደቂቃ ስልክ ይበቃል። ፈቃዷን በመውጫው ቀን ይጠይቁና በምትፈልገው ቁጥር ይደውሉ፤ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንና ስድስተኛውን ጥያቄ ብቻ ይድገሙ። የመጀመሪያውን መልስ አያስታውሷት፤ «ያኔ እንዲህ ብለው ነበር» ከተባለች ያንኑ ለመከላከል ትገደዳለች። ሁለቱ መልሶች ሲለያዩ የኋለኛው ሁልጊዜ እውነት ነው ማለትም አይደለም፤ በአዲሱ ቦታ ደስ ያላት ሰው የድሮውን ታጠቁረዋለች፣ የከፋት ደግሞ ታስውበዋለች። በሁለቱም ጊዜ ሳይለወጥ የተገኘው ክስተት ግን በደንብ ሊያምኑት የሚገባው ነው።

ቅጹን ከማሳተምዎ በፊት ካለፈው ዓመት ለቃቂዎች አራት ወይም አምስት ሰዎችን መርጠው እነዚህን ሰባት ጥያቄዎች በስልክ ይሞክሯቸው። አሁን ከእርስዎ የሚጠብቁት ወረቀት ስለሌለ ብዙዎቹ ይናገራሉ። እያንዳንዱን ጥያቄ ሲጠይቁ በአንድ ቃል የተመለሰውን ምልክት ያድርጉበት፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ቃል የመለሱት ጥያቄ እንደገና መጻፍ ያለበት ነው፣ ብዙ ጊዜም ውስጡ ቀን፣ ቦታ ወይም ሰው የሚያስጠራ ቃል ስለጎደለው ነው።